ከስላሿ ወደ ግራ

አራሚዋ በማተሚያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ የፈረመችበት ወረቀት አንድም ቀን ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ይህን እሷ አትናገረውም፤ ሌሎች ናቸው የሚናገሩላት። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ሽማግሌው ማሽኒስት ወደ ፎቁ በአገጩ እየጠቆመ፣ «እላይ ያለችውን ሴትዮ አየሃት? አረንጓዴ ቀለሟ ካላረፈበት እዚህ ቤት ማሽን አይዞርም» ይለዋል። እሷም ደረጃው ላይ ሆና ከሰማች እንዳልሰማ ሰው ታልፋለች፤ የቀረውን ደረጃ ግን ቀና ብላ ነው የምትወጣው።

የማሽኒስቱ ወሬ ማጋነን አልነበረም። የቤቱ ደንብ ነው። ማንኛውም ሥራ ከመታተሙ በፊት የሙከራ ቅጂው ወደ እሷ ይመጣል። ካረመችና ከጨረሰች በኋላ በአረንጓዴ ቀለም «ይታተም» ብላ ትፈርምበታለች፤ ያ ወረቀት ማሽኑ ራስ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቀላል። ወረቀቱ እስካለ ማሽኑ ይሠራል። ወረቀቱ ከወረደ፣ ወይም ፊርማው ከተሰረዘ፣ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢመጣ እንኳ ማሽኑ ይቆማል። ፊርማው የተሰረዘበት ጊዜ ግን አልነበረም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንገቷ የሚታጠፍ መብራት፣ ወደ ማሽን አዳራሹ ቁልቁል የምታሳይ መስኮት። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው የምትጭንበት አንድ የብረት መያዣ አለ፤ ድሮ፣ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ በሚታተምበት ዘመን፣ ፊደል የሚደረደርበት ነበር። የማን እንደነበረ የቆዩት ሠራተኞች ያውቃሉ፤ አዲሶቹም አይጠይቁም። ጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን ስትወለውል እሱን ብቻ አታነሣውም።

የብረቱ ባለቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። እርሳሱ ላይ ፊደል ተገልብጦ ስለሚቀረጽ፣ እንደ መስታወት ምስል ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። እሷ ገና ጀማሪ አራሚ ሳለች፣ «ከፊት ካነበብሽ ዓይንሽ የሚፈልገውን ያያል፤ ከኋላ ካነበብሽ ያለውን ያያል» ብሎ አስተማራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ መጀመሪያ ከደንበኛው ጽሑፍ ጋር ከፊት ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ከመጨረሻው ቃል እየጀመረች ወደ ፊት። ሁለተኛው ንባብ የእሷ ነው። በሱ ትኮራለች።

የዚያን ሐሙስ ሥራ የነርሶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ያዘዘው ማስታወቂያ ነበር። ሃያ ሺህ ቅጂ፣ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። ነርሶች የሙያ ፈቃዳቸውን ለማደስ በኢንተርኔት እንዲመዘገቡ ይጠራል፤ ገጹ ሲከፈት የፈቃድ ቁጥራቸውንና የይለፍ ቃላቸውን እንዲያስገቡ ይጠይቃቸዋል። ከርእሱ ሥር፣ በትልቁ፣ አድራሻው ነበር፦

https://mizgeba.nersoch.org

ማክሰኞ ዕለት አራሚዋ አንብባ ፈርማበት ነበር። ፕሌቱ፣ ማሽኑ ላይ የሚገጠመው የአሉሚኒየም ሉህ፣ ተሠርቶ ተቀምጧል። ሐሙስ ጠዋት ግን የትዕዛዝ ክፍል ጸሐፊዋ አንድ የታተመ ኢሜይል ይዛ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች።

«እትዬ፣ ነርሶቹ አድራሻ ቀየርን ብለዋል። አስቸኳይ ነው ብለዋል። ሦስት ጊዜ አስቸኳይ ብለዋል።»

«አንድ ጊዜ ቢሉኝም ይገባኝ ነበር» አለች አራሚዋ መነጽሯን እየፈለገች።

«ራስዎ ላይ ነው።»

መነጽሯን ከራሷ አወረደች። ኢሜይሉ አጭር ነው። ምዝገባው ወደ አዲስ ገጽ ተዛውሯልና በማስታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ ይተካ፤ ለማረጋገጥ ከግርጌ ባለው ስልክ ይደውሉ፤ አዲሱ አድራሻ ይህ ነው፦

https://mizgeba.nersoch.org.megbia-ber.com/nersoch.org

ረጅም ነው። ፊደል ገጣሚው በአንድ መስመር ለማስገባት ፊደሉን ማሳነስ ግድ ሆኖበት አጉረመረመ። አዲሱ የሙከራ ቅጂ ሲመጣላት አራሚዋ ኢሜይሉን በግራ፣ ቅጂውን በቀኝ አድርጋ ፊደል በፊደል አመሳከረች። አንድም ነጥብ አልጎደለም። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ንባቧ ዞረች። ከጫፉ ጀመረች፦ ኦርግ፣ ነጥብ፣ ነርሶች። ከማክሰኞው ቅጂ ጫፍ ጋር አስተያየችው፤ እሱም ኦርግ፣ ነጥብ፣ ነርሶች። ጫፉ አንድ ነው። የድሮው አድራሻ የነበረበት ቤት ነው ማለት ነው፤ መሀሉን ያረዘሙት የራሳቸው ጉዳይ ነው። የአራሚ ሥራ ደግሞ ደንበኛው የጻፈውን መታተሙን ማየት እንጂ ለምን ጻፍክ ማለት አይደለም።

አረንጓዴ ብዕሯን ከፈተች፤ «ይታተም» ብላ ፈረመች።

*

ሐሙስ ሐሙስ ልጇ ምሳዋን ከእናቷ ጋር ትበላለች። ልጅቱ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር መረብ ትጠብቃለች፤ አንድ ሺህ ተማሪ የማይነካውን ሲነካ፣ የማይከፍተውን ሲከፍት፣ ተከታትሎ ማስተካከል የሷ ሥራ ነው። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ፣ የተቀቀለውን እንቁላል ኪሷ ውስጥ አድርጋ ትመጣለች፤ እናቷ በዚህ ኪስ ጉዳይ ለዓመታት ተናግራ ተናግራ ደክማ ትታዋለች።

«እንዴት ዋልሽ እማዬ? ስንት ሰው አስለቀስሽ ዛሬ?»

«ፊደል ገጣሚውን ብቻ። እንቁላሉ ተሰነጣጥቋል።»

«ተልጦ መጣልሽ በይው።»

እየበሉ አራሚዋ የጠዋቱን ነገረቻት። ያስነገራት ኩራት ነው። ልጅቱ ዘወትር፣ «እማዬ፣ ኮምፒውተር እኮ ስሕተት ያርማል አሁን» እያለች ስለምታበሽቃት፣ ማሽን የማያደርገውን እሷ እንዳደረገች ለማሳየት ፈልጋ ነበር። ከቅጂው የቀረውን ትርፍ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ከልጇ ፊት ዘረጋችው።

«ይኸው። አንቺ ብትሆኚ ከፊት ታነቢና ‹ምዝገባ፣ ነርሶች› ብለሽ ታልፊያለሽ። እኔ ከጫፉ ነው የያዝኩት። አድራሻ ከቀኝ ነው የሚነበበው።»

ልጅቱ ዳቦዋን እያኘከች ወረቀቱን አየች። ማኘኳን አቆመች።

«እማዬ፣ ይኼ የማን አድራሻ ነው?»

«ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል እኮ። የነርሶቹ።»

«አይደለም። ከቀኝ ይነበባል ያልሽው ልክ ነው፤ ከኮሌጁ ሰው ግማሹ ይኼን አያውቅም። ግን የጀመርሽው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ብዕር ስጪኝ። አረንጓዴውን አይደለም፣ እሱን ብነካ ትገድይኛለሽ።»

እርሳስ ሰጠቻት። ልጅቱ አድራሻው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ያዘመሙ መስመሮች ከበበች።

«እነዚህን ሁለት ስላሾች እለፊያቸው። ከነሱ በኋላ የመጀመሪያዋን ነጠላ ስላሽ ፈልጊ። አገኘሻት? እዚህ ጋ ናት፣ ከ‹ኮም› ቀጥላ። የቤቱ ስም እዚህ ያልቃል። ከሷ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ባለቤቱ ክፍሉን ጓዳ ይበለው፣ ሳሎን ይበለው፣ ‹ነርሶች ዶት ኦርግ› ይበለው፣ የሚከለክለው የለም። አንቺ ያነበብሽው የጓዳ በር ላይ የተለጠፈ ስም ነው።»

አራሚዋ መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ስላሿ ላይ ነው።

«አሁን ከስላሿ ወደ ግራ ተመለሺ። በነጥብ በነጥብ እየተቆረጠ ነው የሚሄደው።»

«ኮም» አለች እናትየው ቀስ ብላ።

«እሱ የሰፈሩ ስም ነው፤ ስንት ሚሊዮን ቤት አለበት። ቀጥሎ?»

«መግቢያ በር።»

«በቃ። ቁሚ። መግቢያ በር ዶት ኮም፤ ባለቤቱ ይኼ ነው። አንዳንድ አገር የሰፈሩ ስም ራሱ ሁለት ክፍል ይሆንና አንድ እርምጃ ትጨምሪያለሽ፤ እዚህ ግን አያስፈልግሽም። ከዚህ በስተግራ ያለውን ደግሞ፣ ‹ምዝገባ›ንም፣ ‹ነርሶች›ንም፣ ‹ኦርግ›ንም፣ ያው ባለቤት እንደ ፈለገው ይደረድራል። ማንንም አያስፈቅድም። የማክሰኞውን አምጪው እስቲ።»

የማክሰኞውን ቅጂ አመጣችላት። እዚያ ከጫፉ በኋላ ስላሽ የለም፤ መጨረሻው ራሱ መጨረሻ ነበር። ኦርግ፣ ነርሶች። እዚያ ላይ ይቆማል።

«ያንን ከጫፍ ብትጀምሪም ልክ ትመጫለሽ። ይኼን የጻፈ ሰው ግን የሚያነብበትን ሁሉ አስቦለታል። ከግራ የሚያነበው ነርሶችን ያያል። ከቀኝ የሚያነበውም ነርሶችን ያያል። ራሱን መሀል ላይ ደብቋል።»

«ምናልባት ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አዲስ ቤት ገዝቶ እንደሆነስ?»

«ሊሆን ይችላል። እንጠይቅ።» ልጅቱ ስልኳን አወጣች። «ገጹን አልከፍተውም። የትኛው ስም መቼ እንደተመዘገበ የሚያሳይ የወል መዝገብ አለ፣ ማንም ማየት ይችላል።» ጥቂት ነካካችና ስልኩን ወደ እናቷ አዞረችው። «የባለቤቱ ስም ተሸፍኗል። የተመዘገበው ባለፈው ቅዳሜ ነው። አምስት ቀኑ።»

ያን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር፣ ከማሽን አዳራሹ፣ አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሰው ማቃሰት፣ ቀጥሎ እየፈጠነ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ምት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማችው ድምፅ ነው። ማስታወቂያውን ያየ ነርስ ሁሉ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ሰው ሊያስረክብ ነው፤ አስረክቡ ብላ የፈረመችው እሷ ናት። 

*

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም። ልጅቱ ዳቦዋን እንደያዘች ከኋላዋ ነበረች።

የማተሚያው አለቃ ከማሽኑ ጎን ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ሥራ ያውቃል፤ ግን «ቶሎ ቶሎ» ብለው የሰየሙት ሰዎች አልዋሹም። ወረቀቱ እየተወረወረ ይደረደራል፤ አንድ ሺህ ያህል ቅጂ ወጥቷል።

«አስቁመው» አለችው።

«እትዬ? ምን ሆኑ?»

«አድራሻው የነርሶቹ አይደለም። የሌላ ሰው ነው። አስቁመው።»

አለቃው ወደ ማሽኑ ራስ ጠቆመ። በመቆንጠጫው ላይ፣ የመብራቱ ብርሃን አርፎበት፣ አረንጓዴ ፊርማዋ ተንጠልጥሏል። «ፈርመውበታል እኮ። መኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ደንበኛው ያለውን አትመናል፤ ከዚያ ያለፈው እኛን አይመለከትም፤ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ሁልጊዜ የሚሉት?»

ልክ ነው፤ ሁልጊዜ የምትለው እሷ ናት። ሽማግሌው ማሽኒስት እጁን ከዘይት ጨርቁ ላይ ሳያነሣ ያያት ነበር። ሌሎቹም አይተዋታል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ይህን ማሽን አሁን የሚያስቆመው፤ እሱም ከአለቃው ጋር በመጨቃጨቅ አይደለም።

ወደ ማሽኑ ራስ ሄደች። መቆንጠጫውን ከፈተች፤ ወረቀቱን አወረደች፤ የማሽኑ ሽፋን ላይ ዘረጋችው። አረንጓዴ ብዕሯን ከደረት ኪሷ አወጣች።  በራሷ ፊርማ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመረች፤ ከሥሩም «ተሰርዟል፤ ስሕተቱ የአራሚዋ ነው» ብላ ጻፈች።

ማሽኒስቱ ማንንም አልጠበቀም። ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ምቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ ጭጭ አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከምሳ በኋላ እንዲህ ያለ ጸጥታ ማንም አስታውሶ አያውቅም።

«አበድሽ?» አላት ማሽኒስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከሠራተኞቹ እሱ ብቻ ነው «አንቺ» የሚላት። «ሠላሳ አንድ ዓመትሽን?»

«ወረቀቱ ይበልጣል» አለችው።

አለቃው ፊቱ ቀላ። «መልካም። ይጣራ እንግዲህ። ስልካቸው ኢሜይሉ ላይ አለ።» ከግድግዳው ስልክ አንሥቶ ደወለ። ሁሉም ሰማው። «አዎ... አዎ... አዲሱ አድራሻ ልክ ነው?... ገባኝ። አመሰግናለሁ ጌታዬ።» ስልኩን ሲሰቅል የማሸነፍ ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበረ። «ልክ ነው ይላሉ። ሰውዬው እንዲያውም ‹ቶሎ አትሙ፣ ነርሶቹ እየጠበቁ ነው› ነው ያለኝ።»

«ቶሎ ካለህ ዘመድህ ነው ማለት ነው» አለች ልጅቱ ሳታስበው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እናትየው አልሳቀችም። «ኢሜይሉን ስጠኝ» አለችው። የታተመውን ወረቀት ተቀበለችና ላኪው የተጻፈበትን መስመር በጥፍሯ ያዘች፤ tezaz@nersoch.org.megbia-ber.com ይላል። ጠዋት ጸሐፊዋ መጀመሪያውን፣ «tezaz» የሚለውንና «nersoch»ን ብቻ አይታ ነው ያመጣችው። አራሚዋ አሁን ጮክ ብላ አነበበች።

«እዚህ ስላሽ የለም። ስለዚህ ከጫፉ እጀምራለሁ።» ልጇን ቀና ብላ አየች፤ ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ኮም። መግቢያ በር። እቆማለሁ። ባለቤቱ ይኼው ነው። ከሱ በፊት ያለው ‹ነርሶች ዶት ኦርግ› ለማስመሰያ የተደረደረ ነው። አየህ አንተ? ደብዳቤውን የጻፈልህ፣ አድራሻውን የሰጠህ፣ ስልኩን ያነሣልህ አንድ ሰው ነው። ‹ዋሽተሃል ወይ› ብለህ የጠየቅኸው ራሱን ነው። ምን እንዲልህ ፈልገህ ነበር?»

አለቃው ኢሜይሉን ተቀበላት። ጣቱን በመስመሩ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አስኬደ። አንድ ጊዜ፤ ደግሞ አንድ ጊዜ። ፈገግታው እንደ ማሽኑ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

«ማኅተም ያለበት የትዕዛዝ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ አለ» አለችው ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፤ ልጅ ነው፣ እሱንም በሰዓት የሚለካው አለቃ አለበት። «ማክሰኞ ሳይሆን ገና ውል ስንዋዋል ያመጡት። እዚያ ላይ ባለው ስልክ ደውል።»

ጸሐፊዋ ፋይሉን ለማምጣት ስትሮጥ ጫማዋ ወለቀ፤ ትታው ሄደች። አለቃው በዚህኛው ቁጥር ሲደውል ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ አንዲት ሴት አነሣች። ድምፅዋ ወፍራም ስለነበር ከማሽኑ አጠገብ የቆሙት ሁሉ ሰሟት።

«የምን አዲስ አድራሻ? እኛ አንዲት ፊደል አልቀየርንም! ማን ነው ይኼን ያላችሁ?»

አለቃው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዞር ብሎ አራሚዋን አያት። «ኢሜይል መጥቶልን ነበር» አለ ወደ ስልኩ። «አራሚያችን ያዘችው።»

አራሚያችን ያዘችው። ያላለውን ሊል ይችል ነበር፤ ፈርማበት እንደነበር ሊናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። እሷ ግን ስልኩን ከእጁ ተቀበለችው።

«እመቤቴ፣ ልክ ለመናገር መጀመሪያ አልያዝኩትም» አለች። «ጠዋት ፈርሜበት ነበር። አንድ ሺህ ያህል ታትሟል፤ ሁሉም እዚሁ ይቆራረጣል፤ አንድም ከበር አይወጣም። የያዘችው ልጄ ናት። ኢሜይሉን እንልክላችኋለን፤ ሌሎችም ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ነርሶቻችሁን አስጠንቅቁ። ኦርጅናሉን ዛሬውኑ እናትማለን።»

ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«አራሚዋ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አራሚዋ» አለች ሴትየዋ፤ ስልኩ ተዘጋ።

የማክሰኞው ፕሌት እንደተቀመጠ ነበር። ማሽኒስቱ ሲገጥመው ሁለት ጊዜ እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ ሦስተኛውን ሳትጠይቀው አሳያት። አዲስ ቅጂ ወጣ። ከፊት አነበበችው። ከኋላ አነበበችው። አድራሻው ጋ ስትደርስ ስላሽ ፈለገች፤ ከሁለቱ ሌላ የለም። ከጫፉ ወደ ግራ፦ ኦርግ፣ ነርሶች፤ ቆመች። ከዚያ ፈረመች። መኪናው ሲደርስ የመጨረሻው እሽግ እየታሰረ ነበር፤ ሹፌሩ ያጉረመረመው ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ልጅቱ ወደ ኮሌጇ ለመመለስ ቦርሳዋን ስታነሣ፣ እናቷ ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር። የተሰረዘውን ወረቀት ከብረቱ መያዣ ሥር አድርጋው ነበር፤ የስርዝ መስመሩ ዳር ላይ ይታያል።

«ትጥይዋለሽ ብዬ ነበር» አለች ልጅቱ።

«አልጥለውም።»

«አፍረሻል እማዬ?»

አራሚዋ አሰበችበት። «ጠዋት በፈረምኩት አፍሬያለሁ» አለች። «ከሰዓት በሰረዝኩት ግን...» ቀሪውን አልጨረሰችም። ብረቱን በጣቷ ጫፍ ትንሽ አስተካከለችው፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ እስኪሆን። «አባትሽ ከኋላ አንብቢ እንጂ ከየትኛው ኋላ እንደሆነ አልነገረኝም ነበር። አንቺ ነገርሽኝ።»

ልጅቱ እናቷን ትከሻዋ ላይ ስማ ወረደች። ደረጃው ላይ ሽማግሌው ማሽኒስት ቆሞ አዲስ የመጣውን ሠራተኛ ይዞ ሲናገር ሰማችው፦ «እላይ ያለችውን ሴትዮ አየሃት? የራሷን ፊርማ የሰረዘች ሴት ናት። አንተ ብትሆን ታደርገው ነበር? እኔም አላደርገውም።»

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ አራሚዋ እንደ ወትሮዋ የደም ግፊቷን ለመለካት ጤና ጣቢያ ሄደች። የመለኪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ ማስታወቂያው በአራት ማእዘኑ ተለጥፏል። ወረቀቱን ከሩቅ አወቀችው። የቀለሙን ጥራት፣ የኅዳጉን ስፋት፣ ሁሉንም። 

ነርሷ ክንዷ ላይ መጠቅለያውን እየጠመጠመች ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ጓደኛዋ በሩ ላይ ተደግፋ ስልኳን ይዛለች።

«አንቺ ተመዘገብሽ እንዴ?» አለቻት ባለ ስልኳ። «እኔ ሊንክ በመልእክት መጥቶልኝ ነበር፤ ልገባ ስል አላምን አልኩ።»

«እኔም መጥቶልኛል፤ ረጅም የሆነ። ከዚህ ወረቀት ጋር አስተያየሁት፣ አልገጠመም። መጀመሪያው ይመሳሰላል፣ መጨረሻው ይመሳሰላል፣ መሀሉ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ደመሰስኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት፤ ምን ያጠራጥራል፣ የታተመ ነው እኮ።»

«የታተመም ይሳሳታል።»

«ይኼ አልተሳሳተም። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ በኋላ ደውሎ ‹በወረቀቱ ተማመኑ› ብሏል።» ነርሷ መንፊያውን መጭመቅ ጀመረች። «እትዬ፣ ሲለካ አይናገሩ እሺ?»

አራሚዋ አልተናገረችም። ክንዷ እየተጨመቀ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበረ። ሁለቱን ስላሾች አለፈቻቸው። ሌላ ስላሽ ፈለገች፤ የለም። ከጫፉ ወደ ግራ፦ ኦርግ። ነርሶች። ቆመች።

ነርሷ ሰዓቱን አየች፣ የመለኪያውን መርፌ አየች፣ ደግማ አየች።

«እትዬ፣ ዛሬ ከፍ ብሏል። ባለፈው ደህና ነበር እኮ። የሚያናድድ ነገር ገጠመዎት?»

«የለም ልጄ» አለች አራሚዋ። «ትንሽ ቆይተሽ ድገሚው። ይወርዳል።»